የሌሊት ፈረቃው ሪፖርት ችሎት ሲደርስ

በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ውስጥ ከሁሉም በፊት የሚጻፈው ወረቀት ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚወስነው ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ይህም ነገሩ በተፈጸመበት ሰዓት በቦታው የነበረ ጥበቃ፣ ፎርማን ወይም የፈረቃ ኃላፊ ለቅርብ አለቃው የሚጽፈው የመጀመሪያ ሪፖርት ነው። ጸሐፊው በሐሳቡ ያለው አንባቢ አለቃው ብቻ ነው፤ አለቃው ደግሞ ግቢውን፣ ሰዎቹንና የሥራውን ልማድ ስለሚያውቅ ያልተጻፈውን ከራሱ እየሞላ ያነበዋል። ያው ወረቀት ከወራት በኋላ ከመከላከያ መልስ ጋር ተያይዞ ለዳኛ ሲቀርብ ግን ጎዶሎውን የሚሞላለት ሰው አይኖርም። ይልቁንም የሠራተኛው ጠበቃ በዚያ ጎዶሎ በኩል ገብቶ የድርጅቱን ክርክር በሙሉ ሊያፈርስ ይችላል። ሪፖርቱ ያልተጣራ ክስ ተሸክሞ ከሆነም ጥፋት የሌለበትን ሰው እንጀራ ያሳጣል።

ሪፖርቱ ማን ፊት ሊነበብ እንደሚችል በአጭሩ እናስቀምጥ። አንድ ሠራተኛ ስንብቱን ሲቃወም ጉዳዩ የግል የሥራ ክርክር በመሆኑ የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የኅብረት ስምምነትን፣ የሥራ ደንብን ወይም ሠራተኞችን በጋራ የሚነካ ክርክር ግን ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። በቦርዱ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራትና የአሠሪ ማኅበራት ተወካዮች ስለሚቀመጡ፣ የሪፖርቱ አንባቢዎች ከተለያየ ወገን የመጡ ይሆናሉ። ከሁለቱም በፊት የድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊያየው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው በመጀመሪያው፣ ማለትም በአንድ ሠራተኛ ስንብት ላይ ነው፤ ቃላት በጣም የሚከብዱት እዚያ ነውና።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሠራተኛን ሊያሰናብት የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ሪፖርት ጸሐፊ ዝርዝሩን በቃሉ ማጥናት አይጠበቅበትም፤ ሦስት ነገሮችን ግን ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛ፣ አሠሪው የስንብቱን ምክንያትና ስንብቱ የሚጸናበትን ቀን በጽሑፍ ለሠራተኛው መግለጽ አለበት፤ የስንብት ደብዳቤው ምክንያት የሚቀዳው ደግሞ ከሪፖርቱ ነው። ሁለተኛ፣ የማሰናበት መብቱ የሚያገለግለው አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ለ30 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ችሎት ላይ ጥፋቱ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክም ያለበት አሰናበትሁ የሚለው አሠሪ ነው። ማስረዳት ካቃተው ስንብቱ ሕገ ወጥ ይባላል፤ ውጤቱም ሠራተኛውን ወደ ሥራ መመለስ ወይም ካሳ መክፈል ነው። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ሲሆን፣ በማስጠንቀቂያው ጊዜ ሊያገኝ ይችል የነበረው ክፍያም ይታከልበታል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንየው። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የአንድ የታወቀ ድርጅት ታሪክ አይደለም። ነገር ግን በግቢ በር ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ሌሊት ነው። በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና 50 ኪሎ ግራም የሚይዙ 120 ከረጢቶችን የሚፈቅድ የመውጫ ወረቀት ይዞ በር ላይ ደረሰ። ጥበቃዎቹ ሲቆጥሩ 126 አገኙ። ተረኛው ኃላፊ ሌሊቱን የሚከተለውን ጻፈ፦

«ጉዳዩ፦ ስለተያዘ ሌባ። ዛሬ ሌሊት መጋዘን ያዡ ከመኪናው ሾፌር ጋር በመመሳጠር 6 ከረጢት ዱቄት ሰርቆ ሊያስወጣ ሲል በጥበቃ አባሎቻችን ንቃት እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ግለሰቡ ከዚህ ቀደምም በተደጋጋሚ ተመሳሳይ ድርጊት ይፈጽም እንደነበር የሚታወቅ ሲሆን አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድበት በጥብቅ እናሳስባለን።»

ይህን የመሰለ ሪፖርት ያላነበበ የሰው ሀብት ሠራተኛ የሚኖር አይመስለኝም። ጸሐፊው ሥራውን የሚወድና የድርጅቱ ንብረት የሚቆረቁረው ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ሆኖም በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መኪናው ላይ ከመውጫ ወረቀቱ የበለጠ ከረጢት መኖሩ ነው። ይህ አንድ ነገር ደግሞ በሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም። መውጫ ወረቀቱ 120 እንደሚል አልተነገረም፤ ማን እንደቆጠረ፣ ስንት ጊዜ እንደቆጠረ፣ ሲቆጠር ማን ቆሞ እንዳየ አልተገለጸም።

«እጅ ከፍንጅ» የሚለውን ቃል እንመልከት። መጋዘን ያዡ በዚያ ሰዓት በሩ አጠገብ አልነበረም፤ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ጥበቃው ለምስክርነት ሲቀርብ የሠራተኛው ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ «ሲጭን አይተኸዋል?» ይለዋል። እውነተኛው መልስ «አላየሁም» ነው። «ታዲያ እጅ ከፍንጅ ያልኸው ምን ይዘህ ነው?» ለሚለው ተከታይ ጥያቄ ደግሞ መልስ የለም። ከዚህ በኋላ ዳኛው ስለ ከረጢቶቹ ብዛት የተናገረውን እውነት እንኳ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም። ያየውን አንድ ነገር በትክክል ያየ ምስክር፣ ያላየውን በመጨመሩ ብቻ ያየውንም አብሮ ያጣል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ሊያሳስተን እንደሚችል ማስተዋል ያስፈልጋል። ጠዋት ከቤት ወጥተን መሬቱ ረጥቦ ስናገኘው «ሌሊት ዘንቧል» እንላለን፤ ዝናቡን ግን አላየነውም፤ ያየነው ርጥበቱን ነው። «ወስዷል»፣ «ጭኗል»፣ «ተመሳጥሯል» የሚሉት ግሶችም እንደዚሁ ናቸው። ያዩትንም፣ ከምልክት የገመቱትንም በአንድ መልክ ይናገራሉ። በዕለታዊ ንግግር ይህ ችግር የለውም። በሪፖርት ላይ ግን «ስድስት ከረጢት አስጭኗል» የሚለውን ያነበበ ሰው ጸሐፊው ቆሞ ሲያይ ነበር ወይስ በኋላ ደርሶ ገመተ የሚለውን ማወቅ አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግሱን ከተመልካቹ ጋር ማሰር። «ሲያስጭን አይቻለሁ»፣ «አስጭኗል ብሎ የጫኝና አውራጁ ተጠሪ ነግሮኛል»፣ «መኪናው ላይ 126 ከረጢት ቆጥሬአለሁ» የሚሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የሚያስረዱት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው፤ ዳኛውም ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ክብደት ይሰጣል።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሌላው የቢሮ አማርኛ ልማድ አድራጊውን መደበቅ ነው። «ተይዟል»፣ «ተቆጥሯል»፣ «ተረጋግጧል»፣ «የሚታወቅ ሲሆን» እያልን ስንጽፍ ጽሑፉ ወግ ያለው ይመስለናል። ችሎት ላይ ግን ለእያንዳንዱ «ተ» የሚቀርበው ጥያቄ «በማን?» የሚል ነው። «በተደረገ ማጣራት ተረጋግጧል» የሚል ሪፖርት ማጣራቱን ያደረገውን ሰው፣ የተመለከተውን ሰነድና የጠየቃቸውን ሰዎች ካልነገረን የጸሐፊውን እምነት ከመግለጽ ያለፈ አያስረዳም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመጨረሻው ሐረግ ነው፤ «ከዚህ ቀደምም በተደጋጋሚ ይፈጽም እንደነበር የሚታወቅ ሲሆን»። ጸሐፊው ይህን የጨመረው ክሱን ለማጠንከር ነው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። የሚታወቅ ከነበረ ማን ያውቅ ነበር? አሠሪው ያውቅ ከነበረ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ለምን እርምጃ አልወሰደም? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከግል ማኅደሩ ለምን አልተገኘም? አሠሪው የማያውቀው ከነበረ ደግሞ ወሬ ነው ማለት ነው። በዚህ አንድ ሐረግ ድርጅቱ በራሱ ሪፖርት ላይ፣ በራሱ ሠራተኛ ፊርማ፣ ነገሩን እያወቀ ዝም ብሎ እንደነበር ተናግሯል። ያለፈ ጥፋት መነሳት ካለበት «በዚህ ቀን በቁጥር ይህን ያህል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል» ተብሎ ይጠቀስ፤ የሚጠቀስ ደብዳቤ ከሌለ ባይነሳ ይሻላል።

አሁን ያው ተረኛ ያንኑ ሌሊት እንዴት ሊጽፈው ይችል እንደነበር እንመልከት።

«መጋቢት 12 ለ13 ቀን 2017 ዓ.ም. አጥቢያ የዋናው በር የሌሊት ፈረቃ ተረኛ ነበርሁ። ከሌሊቱ 7:40 አንድ የጭነት መኪና ለመውጣት በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ የሰጠኝ የመውጫ ወረቀት ባለ 50 ኪሎ 120 ከረጢት ይላል፤ ወረቀቱ ተያይዟል። እኔና አብሮኝ ተረኛ የነበረው ጥበቃ፣ ሾፌሩ ቆሞ እያየ፣ ለየብቻ ቆጠርን፤ ሁለታችንም 126 አገኘን። ከሌሊቱ 7:55 መጋዘን ያዡን በስልክ ጠራሁት፤ 8:05 ላይ መጥቶ ራሱ ቆጠረና 126 አገኘ። ለምን እንደበለጠ ስጠይቀው ‹ስድስት ከረጢት እንዲጨመር ከሽያጭ ክፍል በስልክ ተነግሮኛል፤ ወረቀቱ ጠዋት ይመጣል› አለኝ። ማን እንደደወለለት ጠየቅሁት፤ ስም አልነገረኝም። ሲጫን አልነበርሁም፤ ማን እንዳስጫነም አላየሁም። ስድስቱ ከረጢቶች ወርደው በበሩ ክፍል ተቆልፎባቸዋል፤ በላያቸው ያለው የምርት ቀን መጋቢት 11 ይላል። ቁልፉን 12:30 ላይ ለቀኑ ፈረቃ ኃላፊ አስፈርሜ አስረክቤአለሁ። የበሩ ካሜራ ሰዓት ከእኔ ሰዓት 6 ደቂቃ ይቀድማል። ይህን የጻፍሁት ከጠዋቱ 12:45 ነው።»

በዚህ ሪፖርት ውስጥ «ሌባ» የሚል ቃል የለም፤ እርምጃ እንዲወሰድም አልተጠየቀም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ይልቅ ለድርጅቱ የሚጠቅመው ይህ ነው። ምክንያቱን ለማየት ከዚህ በኋላ ያለውን ማጣራት እንከተል።

አዋጁ የአሠሪን ንብረት ስለማጉደል ሲናገር ሠራተኛው ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት ማሰቡን ይጠይቃል። ሐሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በዙሪያው ካሉ ድርጊቶች ነው። በምሳሌአችን መጋዘን ያዡ ትእዛዝ ተነግሮኛል ብሏል። የሰው ሀብት ክፍል ይህን ቃል ስለያዘ ሁለት ቦታ ሄዶ መጠየቅ ይችላል፤ ወደ ሽያጭ ክፍልና የዕቃ ገቢና ወጪ ወደሚመዘገብበት የመጋዘኑ ቢን ካርድ። በሽያጭ ክፍል በዚያ ምሽት የደወለ ሰው ካልተገኘና በቢን ካርዱ ላይ ራሱ መጋዘን ያዡ በዚያ ሌሊት ወጪ ያደረገው 120 ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ተጨማሪውን በትእዛዝ የሰጠ ሰው ለምን 126 ብሎ አልመዘገበም የሚል ከባድ ጥያቄ ይነሳል። በተቃራኒው ካርዱ ላይ 126 ተጽፎ ከተገኘና ከጎኑ «6 በስልክ ትእዛዝ» የሚል ማስታወሻ ካለ፣ ነገሩ ያለ ወረቀት ዕቃ የማውጣት የአሠራር ጥፋት እንጂ ስርቆት ላይሆን ይችላል። ሁለቱም መንገዶች የተከፈቱት ተረኛው የሰማውን ቃል በሰማው መልክ ስለጻፈው ነው። «ሰርቆ» ብሎ የጀመረው ሪፖርት ግን ሁለቱንም ዘግቷቸው ነበር።

በዚህ ዓይነት ፋብሪካ ሌላ ገለልተኛ ምስክር አለ፤ የመኪና ሚዛኑ። መኪናው ባዶውን ከምሽቱ 2:15፣ ተጭኖ ደግሞ ከሌሊቱ 7:25 ተመዝኗል እንበል፤ የተጣራው 6,310 ኪሎ ግራም ነው። 120 ከረጢት ከነማሸጊያው ከ6,000 ጥቂት ከፍ ይላል፤ 126 ደግሞ ከ6,300 ጥቂት ከፍ ይላል። ሾፌሩ «ረዳቴ ሚዛኑ ላይ መኪናው ውስጥ ነበር» ቢል እንኳ አንድ ሰው 300 ኪሎ አይመዝንም። ከረጢቶቹ ከወረዱ በኋላ መኪናው እንደገና ተመዝኖ 6,010 ካሳየ ነገሩ ይዘጋል። ይህን ለማድረግ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ ግን ፈጽሞ አይመለስም። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ችሎትን በማሰቡ የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ሲጽፍ የጎደለውን ስለሚያይ ማስረጃው ሳይጠፋ ሄዶ ያመጣዋል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ሪፖርቶች የሚሰናከሉበት ቦታ ነውና። እኛ ከሌሊቱ 7:40 የምንለውን ካሜራው 01:40 ይለዋል። በምሳሌአችን ካሜራው 6 ደቂቃ ስለሚቀድም በምስሉ ላይ የሚታየው 2025-03-22 01:46 ነው። ጥበቃው «መጋቢት 12 ሌሊት» ብሎ ቢጽፍ፣ ማኅደሩን የሚያገላብጠው ሰው መጋቢት 12ን ወደ ማርች 21 ይለውጥና የማርች 21ን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ምስል ይከፍታል፤ እዚያ ምንም ጭነት የለም። የሠራተኛው ጠበቃም ሪፖርቱ በተባለው ቀን ካሜራው ባዶ መንገድ እንደሚያሳይ ይከራከራል። «12 ለ13 አጥቢያ» የሚለው አባባል አባቶቻችን ያወረሱን ትክክለኛ መፍትሔ ነው፤ ሌሊቱ በሁለቱ ቀናት መካከል መሆኑን ያለ ጥርጥር ይናገራል። የጣት አሻራ መመዝገቢያ፣ የካሜራ ወይም የሚዛን ወረቀት የሚጠቀስ ከሆነ መሣሪያው ያሳየው ሰዓት እንዳለ ይጻፍ፤ በአጠገቡ በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነና በመሣሪያው ሰዓትና በትክክለኛው ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ይታከልበት። ልዩነቱን በዚያው ሌሊት ማየት ቀላል ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን መሣሪያው ተስተካክሎ ወይም ተቀይሮ ይሆናል።

ቀን የሚያስፈልገው ለሌላም ምክንያት ነው። 30ው የሥራ ቀን የሚቆጠረው አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ሪፖርቱ የድርጅቱ የማወቂያ ሰዓት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ድርጅት ይህ አምስት ሳምንት ያህል፣ አምስት ቀን በሚሠራ ደግሞ ስድስት ሳምንት ያህል ነው፤ በዓላት ሲገቡ ጥቂት ይረዝማል። ብዙ የሚመስለው ይህ ጊዜ ሪፖርቱ በጥበቃ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከተኛ፣ ኮሚቴው አባል ጎደለ ብሎ አንድ ሳምንት ካራዘመ፣ ሥራ አስኪያጁም መስክ ከወጣ ሳይታወቅ ያልቃል።

አወቀ የሚባለው ማን ሲያውቅ ነው የሚለው ራሱ ያከራክራል። ድርጅቱ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ኃላፊ የማጣራቱ ውጤት ሲደርሰው ነው ይላል፤ ሠራተኛው ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ታውቆ ነበር ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሪፖርት ሦስት ቀኖች ሊኖሩት ይገባል፤ ነገሩ የተፈጸመበት፣ ሪፖርቱ የተጻፈበትና ለተቀባዩ የደረሰበት። የመጨረሻው የሚታወቀው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ሲሰጠው፣ ወይም ተቀባዩ በግልባጩ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ፈርሞ ቀን ሲጽፍበት ነው። እኔ የምመክረው ግን ከሁሉ ቀድሞ ካለው ቀን ጀምሮ መቁጠርን ነው፤ ተከራክሮ ከማሸነፍ ሳያከራክር መጨረስ ይቀላል።

በቅርብ ዓመታት ይህን ያወሳሰበው የቴሌግራም ቡድን ነው። ብዙ ድርጅቶች የፈረቃ መልእክት የሚለዋወጡበት ቡድን አላቸው፤ ሥራ አስኪያጁም ብዙ ጊዜ አባል ነው። በምሳሌአችን ሌሊት ተረኛው መደበኛውን ሪፖርት ከመጻፉ በፊት በ01:52 «ሌባ ይዘናል» የሚል መልእክትና ፎቶ ልኮ ቢሆን፣ በኋላ የጻፈው ጥንቁቅ ሪፖርት ከዚህ መልእክት ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈገው ስለሚደነግግ፣ «ቴሌግራም ነው፣ ሪፖርት አይደለም» ማለት መሸሻ አይሆንም። ሥራ አስኪያጁ መልእክቱን በዚያው ሌሊት ካነበበው ደግሞ የማወቂያው ቀን ከዚያ ሌሊት ነው የሚል ክርክር ይነሳል። በቡድኑ ውስጥ የሚላከው መልእክት «በር ላይ ከመውጫ ወረቀት በላይ 6 ከረጢት ተቆጥሯል፣ ወርዶ ተቆልፎበታል፣ ዝርዝሩ በሪፖርት ይቀርባል» ከሚል ያልበለጠ ቢሆን ይበቃል። መልእክቱን ጠዋት ማስተካከል ደግሞ የባሰ ነው፤ edited የሚለው ምልክት ከሥሩ ይቀራል፣ መልእክቱን ቀድመው በፎቶ ያስቀሩ ሰዎች ስልክ ላይም የመጀመሪያው ቃል አለ።

ችሎትን አስቦ መጻፍ ለችሎት ብሎ ከማዘጋጀት የተለየ መሆኑን እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አንዳንድ የሰው ሀብት ባለሙያዎች ተረኛው የጻፈውን ተቀብለው «በሕግ ቋንቋ» ጽፈው ያስፈርሙታል። የአንቀጽ 27ን ቃላት የሚደግም፣ «የማይገባ ጥቅም ለማግኘት በማሰብ» የሚል ሐረግ ያለው የጥበቃ ሪፖርት ማን እንደጻፈው ለመረዳት ለዳኛ አንድ ንባብ ይበቃዋል። ሁለትና ሦስት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሪፖርት ሲያቀርቡም እንዲሁ ነው። የተረኛው አማርኛ የፊደል ግድፈት ቢኖረውም የራሱ ይሁን፤ ምስክር ሆኖ ሲቆም የሚናገረው በዚያው አማርኛ ነው፣ ጽሑፉና ቃሉም ይገጥማሉ።

ለሠራተኛው የሚጠቅመውን ነገር ከሪፖርት መቁረጥ ከዚህ የከፋ ነው። መጋዘን ያዡ «በስልክ ተነግሮኛል» ማለቱን ተረኛው ቢያስቀረው፣ ሠራተኛው በክሱ ላይ ያነሳዋል፤ ሾፌሩንም ምስክር ይጠራል። በዚያን ጊዜ ጥያቄው ስለ ስድስት ከረጢት መሆኑ ይቀርና ድርጅቱ ምን ደበቀ ወደሚል ይዞራል። ከሁሉም በላይ ሰውየው እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል። በሌሊት፣ ብቻውን፣ በተቆጡ ሰዎች መካከል ቆሞ የተናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትጻፍለት መብቱ ነው፤ ሪፖርት ጸሐፊውም ያንን መብት በእጁ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ፊርማንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ብዙ ቦታ ሠራተኛው በሪፖርቱ ግርጌ እንዲፈርም ይጠየቃል፤ ፊርማው ምን ማለት እንደሆነ ግን አይጻፍም። ድርጅቱ በኋላ «አምኖ ፈርሟል» ሲል ሠራተኛው «ደርሶሃል ተብዬ ነው የፈረምሁት» ይላል፤ ወረቀቱም ማንኛቸውን እንደሚደግፍ አይናገርም። ከፊርማው በላይ «ግልባጩ ደርሶኛል፤ ፊርማዬ በይዘቱ መስማማቴን አያመለክትም» የሚል መስመር ማስገባት ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል፤ ፊርማ እምቢ የሚለውን ሰውም ያረጋጋል። ከዚያም በኋላ አልፈርምም ካለ አይገደድም። «ሪፖርቱ ተነቦለት ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ ሰዓቱ ይጻፋል፤ ሲነበብ የነበሩ ሁለት ሰዎችም ይፈርማሉ። ሠራተኛውም በበኩሉ መልሱን በጽሑፍ ቢሰጥ ይጠቅመዋል፤ በንዴት የተጻፈ መልስም ችሎት ላይ እንደሚነበብ አስቦ ያየውን፣ የታዘዘውንና ያዘዘውን ሰው ለይቶ መጻፍ አለበት። ምሳሌአችን ውስጥ ያለው መጋዘን ያዥ የደወለለትን ሰው ስምና በስልኩ ላይ የቀረውን የጥሪ ሰዓት በዚያው ዕለት በጽሑፍ ቢያስገባ፣ ክርክሩ ችሎት ሳይደርስ ሊያልቅ ይችል ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሪፖርት ከተጻፈና ከተሰጠ በኋላ ስህተት ይገኝበታል፤ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ተረኛው ጠዋት ተኝቶ ሲነሳ መጋዘን ያዡ የመጣው 8:05 ሳይሆን 8:15 እንደነበር ከበሩ ካሜራ ምስል ሊያይ ይችላል። ብዙዎች ይህን ጊዜ የፊተኛውን ቀደው በዚያው ቀን አዲስ ይጽፋሉ። የፊተኛው ግልባጭ ግን አንድ ቦታ ይቀራል፤ በጥበቃ ኃላፊው ስልክ ላይ በፎቶ፣ ወይም በሠራተኛው እጅ። ሁለት የተለያዩ ሪፖርቶች በአንድ ቀንና በአንድ ፊርማ ችሎት ፊት ከተገናኙ የአሥር ደቂቃው ስህተት የሐሰት ሰነድ ጥርጣሬ ይሆናል። የፊተኛው ባለበት ይቆይ፤ «ተጨማሪ ሪፖርት» የሚል ርእስ ያለው፣ የተጻፈበትን ትክክለኛ ቀን የያዘ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ በውስጡም «በመጋቢት 13 ሪፖርቴ 8:05 ያልሁት ስህተት ነው፤ የበሩን ካሜራ ምስል አይቼ 8:15 መሆኑን አረጋግጫለሁ» ተብሎ ይጻፍና ከፊተኛው ጋር ተያይዞ መዝገብ ቤት ይግባ።